«ገንዘብ የለም» ብለን ተቀመጥን፤ የወጣው ግን የድሮው ሐሳብ በርካሽ ነው

ሊያ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

አራት ሆነን የምንሠራው ነገር አለ። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ በዕድሜ የገፉት፣ ክኒናቸውን እንዳይረሱ የሚያግዝ ዕቃ መሥራት እንፈልጋለን። መጀመሪያ ያሰብነው ሰዓቱ ሲደርስ የሚጮህ የክኒን ሳጥን ነበር። ለየቀኑ አንድ ክፍል፣ ትንሽ መብራት፣ ድምፅ ማውጫ፣ ባትሪ። ወጪውን ስናሰላው ዕቃው በጣም ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች አቅም በላይ ሆነ። ደግሞም እሱን የመሰለ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል።

አንዱ ባልደረባችን «ጠንካራ ገደብ እናብጅ፤ ሰው ሲጨንቀው ነው አዲስ ነገር የሚያስበው» አለ። ተስማማን። ሕጋችን አንድ ብቻ ነበር፦ የአንዱ ዕቃ ወጪ ከአንድ እስክሪብቶ ዋጋ አይለፍ። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ግድግዳው በተለጣፊ ወረቀት ተሞላ። ስንቆጥረው 43 ሐሳብ ሆነ። ደስ ብሎን ተለያየን።

ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳነባቸው ግን ደስታዬ ጠፋ። ሳጥን ከካርቶን። ሳጥን ከክብሪት ቀፎ። ሳጥን ከጠርሙስ ክዳን። «የስልክ ማንቂያ» የሚለው ብቻ በተለያየ አጻጻፍ ስድስት ጊዜ ተጽፏል። ከ43ቱ ውስጥ «ይህን ደግሞ ከየት አመጣነው?» ያሰኘኝ አንድም አልነበረም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ገደብ አዲስ ሐሳብ ያመጣል ከተባለ፣ ለእኛ ለምን የድሮውን ሐሳብ በርካሽ አመጣልን? ገደቡ ላልቶ ነው ወይስ ያበጀነው ገደብ የተሳሳተ ነው?

---

ቢኒ

ላልቶባችሁ ነው። የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ እኮ ገንዘብ ነው። ዜሮ አድርጉት። አንድ ሰዓት ተኩሉንም ወደ 15 ደቂቃ አውርዱት።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ቲና ሲሊግ ለተማሪዎቿ የሰጠችውን ሥራ ሰምተሽ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቡድን 5 ዶላር ያለበት ፖስታ ሰጠች። ፖስታውን ከከፈቱ በኋላ ያላቸው 2 ሰዓት ነው። በዚያ ውስጥ የቻሉትን ያህል ገንዘብ ማግኘት አለባቸው። ከዚያ ለክፍሉ ያደረጉትን በ3 ደቂቃ ያቀርባሉ። ብዙ ያተረፉት ቡድኖች 5 ዶላሩን ጭራሽ ያልነኩት ናቸው። ገንዘቡን እርሺው። የሚሠራው እሱ ነው።

---

ሰሎሞን ኬ.

ሊያ፣ አይዞሽ፤ እኔም በባዶ እጄ ነው የጀመርኩት። የሕፃናት የእንጨት መጫወቻ እሠራለሁ። ስጀምር እንጨት የምገዛበት ስላልነበረኝ ከአናጢዎች ቤት የሚጣለውን ቁርጥራጭ እየለመንኩ ነበር የምወስደው። ደንበኞቼን ደግሞ ግማሹን አስቀድሜ አስከፍላቸው ነበር። አንቺም ቅድሚያ ክፍያ ጠይቂ። በዚያ ገንዘብ የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች ትሠሪያለሽ። ብድር ውስጥ ግን እንዳትገቢ።

---

ሊያ

ሰሎሞን፣ ስለ ምክርህ ከልብ አመሰግናለሁ። የእኔ ጥያቄ ግን መነሻ ገንዘብ ከየት ይገኛል የሚል አይደለም። ምን እንሥራ የሚለው ራሱ ነው ያልተፈታልን። ገንዘብ ብናገኝም የምንሠራው ሌሎች የሠሩትን ሳጥን ይሆናል።

ቢኒ፣ ዜሮ ብናደርገውም «ሳጥን ከተጣለ ካርቶን» ብለን የምንጽፍ ይመስለኛል። ካርቶኑ በነፃ ከሆነ ሕጉን አልጣስንም።

---

ጋሽ ታደለ

ልጄ፣ የመጨረሻዋ አረፍተ ነገርሽ ውስጥ መልሱ ግማሽ በግማሽ አለ። እኔ ዕቃ በመንደፍ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የገንዘብ ገደብ ብቻውን የሚያደርገውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው መጀመሪያ የለመደውን ዕቃ በአእምሮው ይሥላል። ከዚያ ገንዘብ የለም ሲባል ያንኑ ዕቃ መሸራረፍ ይጀምራል። መብራቱን ያወጣዋል፣ ፕላስቲኩን በካርቶን ይለውጠዋል፣ ክፍሎቹን ይቀንሳል። ሥዕሉ ግን አልተነካም። እናንተም ስብሰባ ስትገቡ አእምሯችሁ ውስጥ ሳጥኑ ተቀምጦ ነበር። ስትወጡም እዚያው ነበር።

ገደብ አዲስ ሐሳብ የሚያመጣው የለመድነውን መንገድ ሲዘጋብን ነው። የእናንተ ገደብ መንገዱን አልዘጋውም፤ ያንኑ መንገድ ቀጭን አደረገው።

ቢኒ ያመጣው ምሳሌ እውነት ነው፤ ግን መጨረሻውን አልነገረንም። ከሁሉም የበለጠ ያገኘው ቡድን ያስተዋለው ነገር ሌላ ነበር። ያላቸው ውድ ነገር 5 ዶላሩም አይደለም፣ 2 ሰዓቱም አይደለም። ክፍሉ ፊት የሚቆሙባት 3 ደቂቃ ናት። እዚያ የተቀመጡት ተማሪዎች ኩባንያዎች ሊቀጥሯቸው የሚፈልጓቸው ናቸው። ስለዚህ ያችን 3 ደቂቃ ተማሪ መቅጠር ለሚፈልግ ኩባንያ በ650 ዶላር ሸጧት። ዋናው ነገር ገንዘቡን ከጥያቄው ካወጡ በኋላ በእጃቸው ያለውን ሁሉ መቁጠራቸው ነው። 3 ደቂቃዋን ማንም እንደ ሀብት አልቆጠራትም ነበር። ገንዘቡን መርሳት ብቻውን እዚያ አያደርስም።

ሰሎሞንም ጥያቄውን በሌላ ቢረዳውም የሠራው ነገር ከዚሁ ጋር ይገናኛል። «ምን ልግዛ?» ከማለቱ በፊት «ምን ይጣላል?» ብሎ ነው የጀመረው።

---

ሊያ

ጋሽ ታደለ፣ «መንገዱን መዝጋት» ያሉት ገብቶኛል መሰለኝ፤ ግን በተግባር እንዴት ነው የሚደረገው? አንድ እውነተኛ ምሳሌ ቢሰጡን።

---

ጋሽ ታደለ

አንዱን ልንገርሽ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2007 አራት የስታንፎርድ ተማሪዎች አንድ የክፍል ሥራ ተሰጣቸው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚያሞቀውን ማሽን፣ ኢንኩቤተሩን፣ ከመደበኛው ዋጋ በ1 በመቶ ሥሩ የሚል ነበር። ልክ እንደ እናንተ የገንዘብ ገደብ ነው። እነሱም መጀመሪያ ያሰቡት እንደ እናንተ ነበር፤ የመስታወቱን ሳጥን ክፍሎች እየቀነሱ ማርከስ።

ከዚያ ከቡድኑ ውስጥ ወደ ኔፓል የሄደ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በእርዳታ የመጡ ኢንኩቤተሮች ባዶአቸውን ተቀምጠው አገኘ። ማሽን አልጠፋም ነበር። ሕፃናቱ የሚወለዱት ግን ርቀው፣ ገጠር፣ አስተማማኝ መብራት በሌለበት ነው። ሆስፒታል አይደርሱም። ስለዚህ ርካሽ ኢንኩቤተር ቢሠራም እዚያው ባዶውን ይቀመጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ተለወጠ። «ኢንኩቤተሩን እናርክስ» የሚለው ቀረና «ሕፃኑን ያለ መብራት፣ እናቱ እጅ ላይ፣ በ37 ዲግሪ እናቆይ» ሆነ። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ውስጥ የዕቃ ስም አለ። ሁለተኛው ውስጥ የለም። አሁን ሳጥን ብሎ የሚያስብ ሰው መቆሚያ አጣ፤ ሳጥኑ መብራት ይፈልጋላ።

የወጣው ዕቃ ትንሽ የመኝታ ከረጢት ይመስላል። ጀርባው ላይ ሰም መሰል ነገር ያለበት ከረጢት ይገባል። ያ ነገር ሲሞቅ ይቀልጣል። ከዚያ ቀስ እያለ ሲረጋ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። እየረጋ ባለበት ጊዜ ሁሉ ሙቀቱ 37 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። እንዲህ አድርጎ ለአራት ሰዓት ያህል ያገለግላል። ኤምብሬስ ይባላል። ከኢንኩቤተር ጋር ምንም መልክ አይጋራም።

አንድ መለኪያ ልስጥሽ። ግድግዳችሁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ወረቀት አንሺና «ያው ዕቃ ነው፣ ብቻ ረከስ ያለ» ብለሽ ልትገልጪው ትችያለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂ። አብዛኛው በዚህ ከተገለጸ ገደባችሁ መንገድ አልዘጋም።

---

ሊያ

አሁን አየኋቸው። ከ43ቱ 39ኙ «ያው ሳጥን ወይም ያው ማንቂያ፣ ብቻ ረከስ ያለ» ናቸው። የቀሩት አራቱ «ጎረቤት ያስታውሰው» ዓይነት ናቸው።

---

ትዕግስት (ፋርማሲ)

መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ስለ ገደብ ብዙ አላውቅም፤ ስለ ክኒን ግን ልናገር።

ሊያ፣ «እንዳይረሱ» ብለሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ጋ የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩኝ ሌላ ነው። «ረሳሁ» አይሉም። «ዛሬ ውጬ ይሁን አልዋጥኩ እንጃ» ነው የሚሉት። መድኃኒት በየቀኑ ሲወሰድ ትናንትና ዛሬ ይደባለቃል። እጁ ጠርሙሱን መክፈቱን ያስታውሳል፤ ግን የትናንቱን ይሁን የዛሬውን አያውቅም። ከዚያ ወይ ሳይወስድ ያልፋል፣ ወይ ይደግመዋል። ለአንዳንድ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ለስኳር ወይም ደም ለማቅጠን ለሚሰጡት፣ መድገም ከመርሳት የባሰ አደጋ አለው።

ማንቂያ ለዚህ አይረዳም። ማንቂያው ጮኸ፣ አጠፋሁት፤ ከዚያስ ዋጥኩ ወይስ ስልክ አነሳሁ?

ደግሞ የዛሬ 60 ዓመት ገደማ በዚሁ ጥያቄ ላይ አንድ ሰው ሠርቶበታል። ዴቪድ ዋግነር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ የአራት ልጆች አባት። ባለቤቱ የወሊድ መከላከያ ክኒን ጀመረች። ያኔ ክኒኑ በጠርሙስ ነበር የሚሰጠው። «ዛሬ ወስደሻል?» እያለ መጠየቁ ሁለቱንም አሰለቻቸው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ የቀኖቹን ስም ጽፎ በየስሙ ላይ አንድ አንድ ክኒን አስቀመጠ። ክኒኑ ከሌለ ተወስዷል ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ጥሩ ሠራ። ከዚያ አንድ ነገር ወረቀቱ ላይ ወድቆ ክኒኖቹ መሬት ላይ ተበተኑ።

ቀጥሎ ቤቱ ባገኘው ነገር ሠራው። ግልጽ ፕላስቲክ፣ መሰርሰሪያ፣ ሁለት ፊት ያለው ማጣበቂያ፣ ከልጅ መጫወቻ ላይ ነቅሎ ያወጣት መቆለፊያ። ክብ ነው፤ ይሽከረከራል። አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው። ክኒኑ የሚወጣው ወደ ቀኑ ሲዞር ነው። በ1962 የፈጠራ መብት ጠየቀበት፤ በ1964 ተሰጠው። ዛሬ የምናያቸው ቀን የተጻፈባቸው የክኒን እሽጎች ከዚያ የወረዱ ናቸው።

---

ጋሽ ታደለ

ትዕግስት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዋግነርን ሥራ ከቅርብ ካያችሁት ውበቱ አንድ ቦታ ላይ ነው። ወረቀቱም ሆነ ክቡ ዕቃ ሰውየውን ምልክት እንዲያደርግ አይጠይቁም። ክኒኑን ማውጣቱ ራሱ ምልክቱ ነው። «ከዋጥክ በኋላ እዚህ ጋ ጭረት አድርግ» የሚል ዕቃ በሁለተኛው ሳምንት ይከሽፋል። ጭረቱም እንደ ክኒኑ ይረሳላ።

ሊያ፣ እንግዲህ እንደገና ቁጭ በሉ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ።

መጀመሪያ ሥራውን የዕቃ ስም በሌለበት አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ። ትዕግስት ሰጥታችኋለች፦ «ሰውየው የዛሬውን ወስዶ ከሆነ በአንድ እይታ ይወቅ።» ከዚያ ወዲያው ወደ አእምሯችሁ የሚመጡትን አሥር መልሶች ጻፉና ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ከልክሏቸው። ሳጥን የለም፣ ማንቂያ የለም፣ ስልክ የለም፣ «ምልክት ያድርግ» የለም። ይህ ነው መንገድ መዝጋት ያልኩት።

ቀጥሎ የገንዘቡን ገደብ በሌላ ቃል ቀይሩት። «ርካሽ ይሁን» አትበሉ። «አዲስ ዕቃ ወደ ቤት አይገባም» በሉ። ሊጠቀሙ የሚችሉት ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውንና ክኒኑ የሚዋጥበት ክፍል ውስጥ ያለውን ብቻ ይሁን። እያንዳንዱን ነገር በስሙ ጻፉት። ጠርሙስ ሳይሆን ክዳን፣ አንገት፣ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ ውስጥ ያለው ጥጥ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ቡድን አምስት ነገር ጽፎ ይሮጣል። የሚጠቅመው ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ማንም እንደ ዕቃ የማይቆጥረው ነገር።

ከዚያ 20 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ። በጋራ እየተነጋገሩ መጀመር አይጠቅምም። አንዱ ሲያወራ ሌላው የያዘው ሐሳብ ይጠፋበታል፤ ይህ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሙከራ የታየ ነገር ነው። አንብባችሁ የምትነጋገሩት ከጻፋችሁ በኋላ ነው።

---

ቢኒ

የ5 ዶላሩን ነገር ጋሽ ታደለ ባስረዱት መንገድ አላየሁትም ነበር። ግን ስለ ጊዜው አሁንም ልክ ነኝ ብዬ አስባለሁ። 20 ደቂቃ ይበዛል። ሰው ሲቻኮል ራሱን አይገድብም።

---

ጋሽ ታደለ

ቢኒ፣ በዚህ አልስማማም። ሰው ሲቻኮል ቅርብ ያለውን ነው የሚያነሳው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሰጡት የለመድነውን ነው፤ እሱ ሲያልቅ ያለው ጭንቅ ነው የሚጠቅመው። 15 ደቂቃ ላይ ብታቆማቸው ልክ ጭንቁ ሊጀምር ሲል ታቋርጣቸዋለህ።

---

ዮናስ_አር

እኔ በአጠቃላይ ለዚህ ነገር ብዙም አልመቸም። የሠራሁበት ድርጅት ውስጥ «ገደብ ፈጠራን ይወልዳል» የሚለው ቃል በጀት በተቆረጠ ቁጥር ይጠቀስ ነበር። ገንዘብም ጊዜም ሰውም ተቀነሰብን። ውጤቱ ፈጠራ አልነበረም፤ ሰው ታከተው፣ ጥሩዎቹ ለቀቁ። በ2019 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ 145 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ያገኘውም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ገደብ ጭራሽ ሲጠፋ ሰው ይዝረከረካል፤ መጠነኛ ሲሆን ይጠቅማል፤ ሲበዛ ያፍናል።

ስለዚህ ሊያ፣ አሥር ክልከላ፣ አዲስ ዕቃ የለም፣ ዝምታ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን መጫን ያስፈራኛል።

---

ጋሽ ታደለ

ዮናስ የሚለው እውነት ነው፤ ላሰምርበት። ጨዋታው ላይ የሚጣል ገደብና ሠራተኛው ላይ የሚጣል ገደብ አንድ አይደሉም። እኔ የምለው ለአንድ ከሰዓት፣ በወረቀት ላይ፣ ሲያበቃ የሚነሳ ገደብ ነው። ሰዎቹ ደሞዛቸውም እረፍታቸውም አይነካም።

መብዛቱም ያሳስባል። ምልክቱ ዝምታው ነው። ሰዎች 10 ደቂቃ ሙሉ እስክሪብቶ ካላነሱ አንዱን ክልከላ አንሱት። አንዱን ብቻ ግን፤ ከዚያ የተለወጠውን እዩ።

---

ሊያ *(ከ9 ቀን በኋላ)*

ተመለስኩ። የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

ትዕግስት የሰጠችንን አረፍተ ነገር በትልቁ ጽፈን ለጠፍነው። አሥሩን መልስ ከለከልን። ዝርዝሩን ለመጻፍ እውነተኛ የመድኃኒት ጠርሙስ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥን። መጀመሪያ 12 ነገር ጻፍን። ጋሽ ታደለ አትቸኩሉ ስላሉን ጠርሙሱን እያገላበጥን ቀጠልን፤ 31 ደረስን። 27ኛው ላይ ባልደረባዬ «አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት የሚቀደደው ማሸጊያ» ብሎ ጻፈ። ያኔ ማንም ልብ አላለውም።

ዝምታው ከባድ ነበር። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሁላችንም ቆምን። ዮናስ ያለው ትዝ ብሎኝ ልናገር ስል አንደኛው እንደገና መጻፍ ጀመረ፤ ዝም አልኩ። መጨረሻ ላይ 14 ሐሳብ ወጣ። ከ43 ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። «ያው ዕቃ፣ ረከስ ያለ» የሚባለው ግን ሦስቱ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው የወደድነው ሐሳብ ወዲያው ወደቀ። በጠርሙሱ አንገት ዙሪያ የቀኖቹን ስም እንጻፍ፣ ክዳኑ ላይ ቀስት ይደረግ፣ ሰውየው ሲዘጋ ቀስቱን ነገ ላይ ያቁመው የሚል ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ጠርሙሱን አንስተን ስንሞክረው ግን ክዳኑ ጠመዝማዛ ነው፤ ጥብቅ ብሎ ሲዘጋ ሁልጊዜ ቀስቱ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ሌላ ቀን ላይ ይቁም ከተባለ ላልቶ መዘጋት አለበት። ይህን ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ ፈጀብን። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ወር እንሠራበት ነበር።

ሁለተኛው ከ27ኛው ነገር የመጣ ነው። አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት ማሸጊያው ይቀደዳል፤ መከፈቱ ይታወቃል። ታዲያ ለምን አንድ ጊዜ ብቻ? መድኃኒት ቤቱ «በቀን አንድ» ብሎ የሚለጥፈው ወረቀት አለ። ከዚያው ወረቀት ሰባት ቀጫጭን ቁራጭ ይቆረጣል፤ በእያንዳንዱ ላይ የቀን ስም ይጻፋል። አንዱ ከክዳኑ ወደ ጠርሙሱ ተሻግሮ ይለጠፋል። ጠርሙሱ ያንን ሳይቀድድ አይከፈትም። ሰውየው ማክሰኞ ጠዋት «ማክሰኞ» የሚለውን ቀድዶ ይከፍታል፣ ይውጣል፣ ይዘጋል፣ «ረቡዕ» የሚለውን ይለጥፋል። ከሰዓት ላይ ግራ ከተጋባ ጠርሙሱን ያያል። «ረቡዕ» ካለ ወስዷል። «ማክሰኞ» ሳይቀደድ ካለ አልወሰደም።

እኔን የማረከኝ ሲረሳ የሚሆነው ነው። ውጦ አዲሱን መለጠፍ ቢረሳስ? የተቀደደው «ማክሰኞ» እዚያው አለ። የማክሰኞው መከፈቱን ይነግረዋል። ምልክት ማድረግ ቢረሳም መክፈቱ ራሱ ምልክት ትቷል። ጋሽ ታደለ ስለ ዋግነር ያሉት ነገር ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ለሙከራ ባዶ ጠርሙሶች ውስጥ በክኒን ፋንታ ትንንሽ የልብስ ቁልፎች ከተትን። ለአምስት ሰው ለሰባት ቀን ሰጠን፤ በቀን አንድ ቁልፍ ሌላ ዕቃ ውስጥ እንዲጥሉ። በሰባተኛው ቀን ቆጠርን። አራቱ ልክ ሰባት ጥለዋል። አንዷ ስድስት። ረስታ የዘለለችውን ቀን በማግሥቱ ጠዋት ከጠርሙሱ ላይ አንብባ እንዳወቀች ነገረችን። አልደገመችም። አምስት ሰው ምንም እንደማያረጋግጥ አውቃለሁ፤ ግን የሚቀጥለውን ሙከራ ማድረግ እንደሚገባ ነግሮናል።

---

ትዕግስት (ፋርማሲ)

ሊያ፣ በጣም ደስ ብሎኛል። የሚያሳስበኝን ግን አሁኑኑ ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ጣቶቻቸው የሚያማቸው ሰዎች አሉ። ቀጭን ወረቀት መላጥና መለጠፍ ለእነሱ ከክዳኑ ይብሳል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ በተደራረበ ቁጥር ማጣበቂያው ይከማቻል። በወሩ መጨረሻ ክዳኑ ምን እንደሚመስል እዪው፤ የመድኃኒቱ ስምና የሚያበቃበት ቀንም እንዳይሸፈን። ሦስተኛው ከባዱ ነው። አራትና አምስት ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አራትና አምስት ጠርሙስ እየቀደደ እየለጠፈ አይኖርም። የሚደናገሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ምናልባት ሰው ክኒኖቹን ቀላቅሎ ወደ አንድ ጠርሙስ እናዙር ሊል ይችላል። እባክሽ እንዳትሞክሪው። ከመጣበት ዕቃ ሲወጣ የሚበላሽ መድኃኒት አለ። ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪን በመጣበት የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ መቆየት አለበት።

---

ዮናስ_አር

ሊያ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ከልቤ ነው የምለው። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህን ያመጣው እውነት ገደቡ ነው? እኔ እንደማየው ዋናው መዞሪያ ትዕግስት «ውጬ ይሁን አልዋጥኩ እንጃ» ያለችው ነው። ያንን ሰምታችሁ ብትቀመጡ ያለ ምንም ገደብም እዚህ ትደርሱ ነበር። የኤምብሬስም ታሪክ እንደዚያው ነው፤ የለወጣቸው 1 በመቶው አይደለም፣ ባዶውን የተቀመጠውን ማሽን በዓይን ማየታቸው ነው።

---

ጋሽ ታደለ

ዮናስ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ። ትዕግስት ባትናገር ኖሮ ገደቡ ሌላ የካርቶን ሳጥን ብቻ ይሰጣቸው ነበር። ግን ያንን ሰምተው ገደብ ባይኖራቸውስ? ክዳኑ ውስጥ ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ያስገቡ ነበር። እንደዚያ ያለ ክዳን ገበያ ላይ አለ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ወደ ተነሱበት ወጪ ይመልሳቸዋል። ማሸጊያውን ያዩት ሌላ የሚያዩት ስላልነበራቸው ነው።

---

ዮናስ_አር

ይሆናል። አንድ ቡድን ትዕግስትን ሰምቶ ገደብ ሳይኖረው፣ ሌላ ቡድን ሰምቶ ከነገደቡ ቢቀመጡ ነበር የሚለየው። አንድ ጊዜ በተደረገ ነገር አላምንም።

---

ሰሎሞን ኬ.

ሊያ፣ አሁን ጥያቄሽ ገባኝ፤ ቅድም በሌላ ስለወሰድኩት ይቅርታ። ስለ ጣቶቹ አንድ ሐሳብ አለኝ። የመጫወቻዎቼን ማሸጊያ ስሠራ የወረቀቱን አንድ ጫፍ ወደ ውስጥ እጥፍ አደርገዋለሁ። የታጠፈው አይጣበቅም፤ ልጅ እንኳ ይዞ ይስበዋል። የእናንተንም ቁራጭ ከጫፉ የጥፍር ስፋት ያህል እጠፉት።

---

ሊያ

ሰሎሞን፣ አሁኑኑ አጥፌ ሞከርኩት። ዓይኔን ጨፍኜም በአውራ ጣቴና በመሐል ጣቴ ይላጣል። በሚቀጥለው ሙከራ አምስቱም ጠርሙሶች እንዲህ ይሆናሉ። ጊዜውንም 30 ቀን እናደርገዋለን፤ ማጣበቂያው ሲከማች እንድናይ።

ብዙ መድኃኒት ለሚወስዱት መልስ የለኝም። ቅዳሜ እንደገና እንቀመጣለን። አረፍተ ነገሩ «አምስቱንም ወስዶ ከሆነ በአንድ እይታ ይወቅ» ይሆናል፤ ክልከላው ላይ ደግሞ የራሳችንን ቁራጭ ወረቀት እንጨምራለን። ትዕግስት፣ ጊዜ ካለሽ መጥተሽ ብትቀመጪ ደስ ይለናል።

---

ትዕግስት (ፋርማሲ)

ከሰባት ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ባዶ ጠርሙሶች ይዤ እመጣለሁ፤ መጠናቸው የተለያየ።